የትኛው ንብርብር ነው የተጎዳው?

እ.ኤ.አ. በ1855 በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ቶማስ አዲሰን ስለ አሥራ አንድ ታማሚዎች የሚተርክ ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ታማሚዎቹ ቀስ በቀስ አቅም ያጡ፣ ምግብ ያስጠላቸው፣ የልብ ምታቸው የደከመ ነበሩ፤ የብዙዎቹ ቆዳ ደግሞ ያለ ምክንያት ጠቁሮ ነበር። አስከሬናቸው ሲመረመር ጉዳቱ የተገኘው ከኩላሊት በላይ በተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ላይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የበርካቶቹን ዕጢ ያበላሸው ቲቢ ነበር። በዓመቱ ብራውን-ሴካር የተባለ ተመራማሪ የእንስሳትን ሁለቱንም ዕጢዎች ቆርጦ አወጣና እንስሳቱ ብዙም ሳይቆዩ እንደሚሞቱ አሳየ።

ዕጢው አድሬናል ይባላል። አንዱ ከ4 እስከ 5 ግራም ቢመዝን ነው። ይህን የምታህል ሥጋ ስትጠፋ ሰው ለምን ይሞታል? መልሱ ዕጢው አንድ ነገር ብቻ ባለመሆኑ ላይ ነው። በውስጡ የተነባበሩ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሆርሞን ይሠራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበሉት ከተለያየ አለቃ ነው። የጤና ተማሪዎች ለፈተና ሲዘጋጁ ሦስቱን የውጭ ንብርብሮች ከላይ ወደ ታች «ጨው፣ ስኳር፣ ጾታ» እያሉ ይሸመድዳሉ። ሽምደዳው አንድ ጥያቄ ያስመልሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ስለ አንድ ታማሚ ይተርክና ‹የተጎዳው የትኛው ንብርብር ነው?› ይላል። እዚያ ላይ የሚያዋጣው የአለቆቹን ነገር ማወቅ ነው።

ዕጢው በቢላ ለሁለት ቢከፈል የውጩ ክፍል ቢጫ፣ የውስጡ ግራጫማ ሆኖ ይታያል። ቢጫው ኮርቴክስ ነው፤ ከጠቅላላው ዕጢ ከ80 እስከ 90 በመቶውን ይይዛል። የውስጡ ሜዱላ ይባላል። ሁለቱ አብረው ይኑሩ እንጂ ትውልዳቸው ለየቅል ነው። ፅንሱ ሲያድግ ኮርቴክሱ የሚበቅለው የወንድ ዘር ፍሬና የሴት እንቁልጢ ከሚበቅሉበት ሥፍራ አጠገብ ነው፤ ሜዱላው ደግሞ ነርቮችን ከሚያስገኙ ሕዋሳት ይመጣና ኮርቴክሱ መሀል ገብቶ ይቀመጣል። ኮርቴክሱ የጾታ ሆርሞኖች ዘመድ የሆነ ነገር መሥራቱ፣ ሜዱላውም እንደ ነርቭ መታዘዙ ከዚህ የትውልድ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ጀርመናዊው ጁሊየስ አርኖልድ እ.ኤ.አ. በ1866 ኮርቴክሱን በማይክሮስኮፕ ሲያየው ሕዋሳቱ በሦስት ዓይነት አሰላለፍ እንደተደረደሩ አስተዋለ። ከውጭ ያሉት እንደ ትንንሽ ኳስ ተጠቅልለዋል፤ ይህ ግሎሜሩሎሳ ነው። መካከለኛዎቹ ቀጥ ብለው በረድፍ ወርደዋል፤ ፋሲኩላታ ይባላሉ። የውስጠኞቹ እንደ መረብ ተጠላልፈዋል፤ ሬቲኩላሪስ ናቸው። ሦስቱም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከአንድ ጥሬ ዕቃ፣ ከኮሌስትሮል ነው። ከአንድ ሊጥ ዳቦም፣ አምባሻም፣ ቂጣም እንደሚወጣ ሁሉ ልዩነቱን የሚያመጣው በየንብርብሩ ያለው መሣሪያ፣ ማለትም ኢንዛይም ነው።

ከላይኛው ንብርብር እንጀምር። ግሎሜሩሎሳ ስስ ነው፤ የኮርቴክሱ 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሚሠራው ሆርሞን አልዶስትሮን ይባላል። አልዶስትሮን ኩላሊት ላይ ደርሶ «ሶዲየሙን አስቀር፣ ፖታሲየሙን ጣል» ይላል። ሶዲየም ሲቀር ውሃ ይከተለዋል፤ በደም ሥር ውስጥ ያለው የፈሳሽ መጠን ይጠበቃል፤ የደም ግፊትም አይወርድም። ይህን ሆርሞን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ኢንዛይም የሚገኘው በዚህ ንብርብር ብቻ ነው። በአንጻሩ 17-ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም እዚህ ስለሌለ ግሎሜሩሎሳ ኮርቲሶል ልሥራ ቢል እንኳ አይችልም።

አለቃው ማን ነው? ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግሎሜሩሎሳን በዋናነት የሚያዘው ጭንቅላት ውስጥ ያለው የፒቱታሪ ዕጢ አይደለም። የደም ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይረጫል፤ በእሱ ጠንሳሽነት በደም ውስጥ አንጂዮቴንሲን ሁለት ይፈጠራል፤ አልዶስትሮን እንዲወጣ የሚያዘው ይህ ነው። ሁለተኛው አዛዥ ራሱ ፖታሲየም ነው፤ በደም ውስጥ ከፍ ሲል ንብርብሩን በቀጥታ ይቀሰቅሰዋል። ፒቱታሪ የሚልከው ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞንም ጥቂት ይነካካዋል፤ ግን ኤሲቲኤች ቢጠፋ ግሎሜሩሎሳ ሥራውን አያቆምም። ይህቺን ነጥብ እንያዛት፤ ኋላ ሁለት ታማሚዎችን የምትለይልን እሷ ናት።

ፋሲኩላታ ወፍራሙ ንብርብር ነው፤ የኮርቴክሱ ሦስት አራተኛ ያህል። ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ አረፋ የሞላባቸው ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ስብ ስለሚያከማቹና ስቡ ናሙናው ሲዘጋጅ ስለሚታጠብ ነው። ሥራቸው ኮርቲሶል ነው። ጤናማ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ኮርቲሶል ይሠራል፤ አልዶስትሮን ግን የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ። ኮርቲሶል ጉበት ግሉኮስ እንዲያመርት ያደርጋል፤ «ስኳር» የሚለው የሽምደዳው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ግማሹን ሥራውን አይነግረንም። ኮርቲሶል የሰውነትን ብግነት ይገታል፤ የደም ሥሮችም ለአድሬናሊን ትእዛዝ ምላሽ እንዲሰጡ ያግዛል። ኮርቲሶል የሌለው ሰው ትኩሳት ወይም ቀዶ ሕክምና ሲያጋጥመው ግፊቱ በድንገት የሚወድቀው ለዚህ ጭምር ነው።

የፋሲኩላታ አለቃ ኤሲቲኤች ነው። ሃይፖታላመስ ፒቱታሪን ያዛል፣ ፒቱታሪ ኤሲቲኤች ይልካል፣ ፋሲኩላታ ኮርቲሶል ያወጣል፣ ኮርቲሶሉ በቂ ሲሆን ደግሞ ተመልሶ ሁለቱን አለቆች «ይብቃችሁ» ይላቸዋል። ይህ ዑደት ቀንና ሌሊት አንድ ዓይነት አይደለም። ኮርቲሶል ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በተቀዳ ደም ላይ ‹ኮርቲሶሉ አንሷል› ብሎ መወሰን ያሳስታል።

ሦስተኛው ሬቲኩላሪስ ነው። እዚህ «ጾታ» የሚለው ቃል ከሦስቱ ሁሉ የበለጠ ያሳስታል ባይ ነኝ፤ ተማሪው ቴስቶስትሮንና ኤስትሮጅን እዚህ ይመረታሉ ብሎ ይወጣልና። ንብርብሩ በብዛት የሚሠራው ዲኤችኢኤ የተባለና ራሱ ደካማ የሆነ ሆርሞን ነው። ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ናቸው ወስደው ወደ ጠንካሮቹ የሚቀይሩት። የሚታዘዘውም እንደ ፋሲኩላታ ለኤሲቲኤች ነው። በልጅነት ይተኛል፤ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ነቅቶ መሥራት ይጀምራል። በወንድ ላይ የዘር ፍሬው ብዙ ቴስቶስትሮን ስለሚሠራ የሬቲኩላሪስ ድርሻ እምብዛም አይታይም። በሴት ላይ ግን የብብትና የብልት አካባቢ ፀጉር በአብዛኛው በእሱ ላይ የተደገፈ ነው፤ ዕጢው ሲሞት ፀጉሩ ይሳሳል።

የኢንዛይሞቹን ነገር በአንድ ምሳሌ ላሳይና ልለፈው፤ ፈታኞች ስለሚወዱት ነው። 21-ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ለጨውም ለስኳርም መንገድ ያስፈልጋል፤ ለሦስተኛው አያስፈልግም። አንድ ሕፃን ይህ ኢንዛይም ጎድሎበት ቢወለድ አልዶስትሮንና ኮርቲሶል መሥራት ያቅተዋል። ኮርቲሶል ስላጣ ፒቱታሪ ኤሲቲኤችን አብዝቶ ይልካል፤ ዕጢው ይነቃቃል፤ ግን ሁለት መንገዶች ስለተዘጉ ጥሬ ዕቃው ሁሉ ክፍት ወደሆነው ሦስተኛው ይፈሳል። ሴት ከሆነች ብልቷ የወንድ መስሎ ልትወለድ ትችላለች። ወንድ ከሆነ ሲወለድ ምንም አይታወቅም፤ ጉድለቱ ከባድ ሲሆን በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ያስታውከዋል፣ ይደርቃል፣ ፖታሲየሙ ይወጣል። በተራ ተቅማጥና ትውከት ተሳስቶ የሚያልፈውም ወንዱ ነው።

ሜዱላ ከሁሉም ይለያል። የሚሠራው አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ሲሆን ከሚያወጣው 80 በመቶ ያህሉ አድሬናሊን ነው። ትእዛዙ የሚመጣው በደም ሳይሆን በነርቭ በኩል ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ይሠራል። ደም ዕጢው ውስጥ የሚፈሰው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ግሎሜሩሎሳን አልፎ፣ በፋሲኩላታ ወርዶ፣ በሬቲኩላሪስ በኩል ሜዱላ ይደርሳል። በመንገዱ ኮርቲሶል ይዞ ይሄዳል። ኖርአድሬናሊንን ወደ አድሬናሊን የሚቀይረው ኢንዛይም በደንብ የሚሠራው በዚህ ከፍተኛ ኮርቲሶል ሲታጠብ ነው። የሆነው ሆኖ ሰው ያለ ሜዱላ መኖር ይችላል፤ በሰውነት የተበተኑት የነርቭ ጫፎች ኖርአድሬናሊን ስለሚያወጡ። የማይቻለው ያለ ኮርቴክስ መኖር ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ወረቀት እንሂድ። እንዲህ ያሉ ሁለት ታማሚዎች ጎን ለጎን ቀርበዋል እንበል።

አንደኛው የ38 ዓመት ሰው ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ለሳንባ ቲቢ ታክሟል። ላለፉት ወራት ደክሟል፣ ከስቷል፣ ብድግ ሲል ያዞረዋል፣ ጨው የበዛበት ምግብ ያምረዋል። የደም ግፊቱ 85 በ50 ነው። በደሙ ውስጥ ሶዲየም 124፣ ፖታሲየም 6.1፣ ግሉኮስ 62 ተገኝቷል። ሁለተኛዋ የ45 ዓመት ሴት ናት። ለመገጣጠሚያ ሕመም በቀን 20 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ለአንድ ዓመት ወስዳለች፤ ሕመሙ ሲተዋት ከሁለት ሳምንት በፊት መድኃኒቱን በአንዴ አቆመች። ደክሟታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ምግብ ዘግቷታል። ግፊቷ 100 በ60፣ ሶዲየሟ 130፣ ፖታሲየሟ 4.2 ነው።

ሁለቱም ኮርቲሶል ጎድሏቸዋል። በድካሙና በምግብ ፍላጎቱ አይለዩም። የመጀመሪያው ልዩነት ፖታሲየም ነው። ጤናማው ልክ ከ3.5 እስከ 5 ነው። የሰውየው 6.1 መድረሱ ፖታሲየምን የሚያስወግደው አልዶስትሮን መጥፋቱን ይነግረናል፤ ስለዚህ ግሎሜሩሎሳም ሞቷል። አንድ በሽታ ሦስቱንም ንብርብሮች አብሮ ከበላ ጉዳቱ ዕጢው ላይ ነው ማለት ነው። ቲቢ ደግሞ ዕጢውን በሙሉ፣ ሜዱላውን ጨምሮ ያወድማል። የስምንት ዓመቱ ርቀት አያስገርምም፤ ምልክት ጎልቶ የሚታየው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኮርቴክስ ከጠፋ በኋላ ነው።

የሴትዮዋ ፖታሲየም ግን ጤናማ ነው። ፕሬድኒሶሎን የኮርቲሶልን ሥራ ስለሚሠራ ፒቱታሪዋ ለአንድ ዓመት «ይብቃህ» ሲባል ኖሯል። ኤሲቲኤች አልላከም፤ በኤሲቲኤች የሚታዘዙት ፋሲኩላታና ሬቲኩላሪስ ሥራ ፈትተው ሟሽሸዋል። ግሎሜሩሎሳ በሬኒንና በፖታሲየም ስለሚታዘዝ አልተነካም። ታዲያ ሶዲየሟ ለምን ወረደ? ሶዲየም ጠፍቶባት ሳይሆን ውሃ በዝቶባት ነው። ኮርቲሶል ሲያንስ ሽንት የሚያስቀረው ሆርሞን ይጨምራል፤ ኩላሊት ውሃ ይይዛል፤ ያለው ሶዲየም በውሃው ይቀጥናል። በሰውየው ላይ ሁለቱም ደርሰውበታል፤ ሶዲየሙንም በሽንት አጥቷል፣ ውሃውም ተይዞበታል። ሶዲየም ብቻውን ሁለቱን አይለይልንም የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ቆዳ ነው። የሰውየው ፒቱታሪ ኮርቲሶል ሲጠፋበት ኤሲቲኤችን ያለ ልክ ይልካል፤ የበዛው ኤሲቲኤች የቆዳን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳትንም ይቀሰቅሳል። አዲሰን ያየው ጥቁረት ይህ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች በአብዛኛው የነጭ ሰው ፊት ላይ ስለሆኑ እኛ አገር ሥዕሉን ፈልጎ የሚመረምር ሰው ይስተዋል። ቆዳው ቀድሞም ጥቁር በሆነ ሰው ላይ የሚታየው ድድ፣ የጉንጭ ውስጠኛው ክፍል፣ የመዳፍ መስመሮችና በቅርብ የዳነ ጠባሳ ነው። «ከድሮ ፎቶህ ጋር ስትተያይ ጠቁረሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅም ይረዳል። በሴትዮዋ ላይ ኤሲቲኤች ስላነሰ ጥቁረት አይጠበቅም።

ማረጋገጫው የላብራቶሪ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በተቀዳ ደም ኮርቲሶል በዴሲሊትር ከ3 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ጉድለቱ አያጠራጥርም፤ ከ15 በላይ ከሆነ ጉድለት መኖሩ ያጠራጥራል። መካከል ላይ ሲወድቅ 250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች ይወጋና ከ30 ወይም ከ60 ደቂቃ በኋላ ኮርቲሶሉ እንደገና ይለካል። ጤናማ ፋሲኩላታ ወዲያው ይነሳል፤ የሞተው ወይም የሟሸሸው አይነሳም። ምርመራው ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ፒቱታሪ የተጎዳው ሰሞኑን ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአንድ ሳምንት በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ከሆነ፣ ፋሲኩላታው ገና ስላልሟሸሸ ለተወጋው ኤሲቲኤች ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፤ ውጤቱም ታማሚውን ጤነኛ ያስመስለዋል። የኤሲቲኤች ልኬት ማድረግ በሚቻልበት ቦታ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በሰውየው እጅግ ከፍ ይላል፣ በሴትዮዋ ዝቅ ያለ ነው። መለኪያው በማይገኝበት ቦታ የፖታሲየምና የድድ ምስክርነት ብዙ ይረዳል።

ሕክምናው የንብርብሮቹን ካርታ ይከተላል። ሰውየው ለፋሲኩላታው ምትክ በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ተከፋፍሎ ይሰጠዋል፤ ትልቁ ድርሻ ጠዋት ነው። ለግሎሜሩሎሳው ደግሞ ፍሉድሮኮርቲዞን የተባለ የአልዶስትሮን ምትክ ያስፈልገዋል። ሴትዮዋ ፍሉድሮኮርቲዞን አያስፈልጋትም፤ ግሎሜሩሎሳዋ በሥራ ላይ ነው። ስቴሮይዱ ተመልሶ ይጀመርላትና በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ዕጢዋ ለመንቃት ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። በዚያ መካከል ከባድ ትኩሳት ቢይዛት ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋት ስቴሮይድ ስትወስድ መኖሯን መናገር አለባት፤ መጠኑ ለጊዜው ከፍ ማለት ይኖርበታልና። ማንኛቸውም ራሳቸውን እስከ መሳት ቢደርሱ ግን የላብራቶሪ ውጤት አይጠበቅም፤ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ይወጋል፣ የጨው ውሃ ይንቆረቆራል።

ሰውየውን በተመለከተ አንድ ነገር ይቀራል። ቲቢው ተመልሶ ቢነሳና መድኃኒት ቢጀመርለት፣ በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት ኮርቲሶልን ቶሎ ቶሎ እንዲፈጭ ያደርገዋል። ትናንት ይበቃው የነበረው የሃይድሮኮርቲዞን መጠን ያንሰዋል። ዕጢው ግማሽ በግማሽ ተጎድቶ ገና ያልታወቀለት የቲቢ ታማሚም እንዲሁ ነው፤ ሕክምና በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ሳሉ እየቀነሰለት እሱ ግን እየደከመ፣ እያስታወከ፣ ግፊቱ እየወረደ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ‹መድኃኒቱ ከብዶት ነው› ከመባሉ በፊት ፖታሲየሙ ይለካ፣ ድዱም ይታይ።